ቡና ቁመት ያሳጥራል፣ ያደርቃል፣ ልብ ይጎዳል፦ ከሦስቱ የቱ እውነት ነው?

ለእንቁጣጣሽ ደምበጫ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ጠዋት ላይ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ አቦሉ እየተቀዳ ነው፣ የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጇ እጇን ወደ ሲኒው ስትሰድ ጎረቤት የመጡት እትዬ ቶሎ ብለው "ተይ አንቺ! ቁመትሽ እዚሁ ነው የሚቀረው" አሏት። አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ደግሞ "ኧረ እኛንስ መች ማረን፣ ቡና የጠጣሁ ቀን ሰውነቴ ውሃ አይይዝም፣ ይደርቃል" አሉ። አክስቴ ዝም አለች፣ የሷ ነገር ከሁለቱም ይከብዳል። ከሁለት ወር በፊት ግፊት አለብሽ ተብላ፣ ቡና ልብሽን ይጎዳዋል አቁሚ ተብላ ነበር። አቆመች፣ በሁለተኛው ቀን ግን ራሷን ሰንጎ ያዛት፣ ግፊቱ ነው ብላ ደነገጠች፣ አራተኛው ቀን ላይ ተመልሳ ጀበናዋን ጣደች።

የተማርኩት ሥነ ምግብ ስለሆነ ሦስቱም ጥያቄ እኔ ላይ ወደቀ። እዛው ቁጭ ብዬ የመለስኩትን አሁን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ይሄ ወሬ የአክስቴ ቤት ብቻ አይደለም፣ ባህርዳርም ፍኖተ ሰላምም ሞጣም ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ የሚወራ ነው። እና ከሦስቱ አንዱ ጭራሽ መሠረት የለውም፣ አንዱ በተሳሳተ ምክንያት የሚወራ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ እውነት አለበት ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም።

ከቁመቱ ልጀምር። ልጅ የሚቀጭጨው መቼ ነው? በአብዛኛው ከጽንስ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ነው፣ ማለትም ገና ረከቦቱ ጋ ሄዶ ሲኒ መንካት ሳይችል። በ2016 እ.ኤ.አ በተደረገው የሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ፣ ከሁሉም ክልል ከፍተኛው ቁጥር ነው፣ የሀገሪቱ ደግሞ 38 በመቶ። ጎጃም ጤፍና በቆሎ ሞልቶ የሚተርፍበት ሀገር ሆኖ እዚህ ቁጥር ውስጥ መግባቱ በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱ ግን ቡና አይደለም፣ የስድስት ወር ልጅ ከጡት ሌላ የሚሰጠው ቀጭን አጥሚት ብቻ መሆኑ ነው፣ እንቁላሉ ገበያ መውጣቱ ነው፣ ንጹህ ያልሆነ ውሃ በየጊዜው ተቅማጥ ማምጣቱ ነው፣ እናትየው ራሷ እርጉዝ ሆና በደንብ አለመብላቷ ነው።

ታዲያ ቡና ቁመት ያስቀራል የሚለው ከየት መጣ ካላችሁ፣ እንደ ሳይንስ የሚቀርበው መነሻ ካልሲየም ነው። ካፌይን በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም ትንሽ ይጨምራል፣ እውነት ነው፣ ግን መጠኑ ከአንድ ስኒ ቡና የሚጠፋው በአንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት የሚተካ ነው። አሜሪካ ውስጥ 81 ልጃገረዶችን ከ12 ዓመታቸው እስከ 18 ድረስ ለስድስት ዓመት እየተከታተሉ አጥንታቸውን የለኩበት ጥናት አለ፣ በ2000 እ.ኤ.አ የወጣ፣ ብዙ ካፌይን በሚወስዱትና ትንሽ በሚወስዱት መሀል የአጥንት ዕድገት ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ግን በትክክል ልጅ በሚመዘዝበት ዕድሜ ላይ የተሰራ ስለሆነ ክብደት አለው። ፈረንጆቹ ዘንድ ደግሞ ወሬውን ካስፋፉት አንዱ ነጋዴ ነው፣ ሲ. ደብልዩ. ፖስት የሚባል ሰው በ1895 እ.ኤ.አ ከስንዴ የተሰራ የቡና ምትክ ማምረት ጀመረና ምርቱን ለመሸጥ ቡና ለልጅ መጥፎ ነው እያለ ለዓመታት ማስታወቂያ አስነገረ።

እዚህ ላይ ግን "በቃ ለልጅም ይሰጥ" ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ የቡና ትክክለኛው ችግር አጥንት ላይ ሳይሆን ደም ላይ ነው። ብረት፣ ማለቴ ምግብ ውስጥ ያለው አይረን። ጤፍ ላይ አለ፣ ሽሮ ላይ አለ፣ ጎመን ላይ አለ፣ ግን የእህልና የአትክልት ብረት ሰውነት እንደ ሥጋ ብረት በቀላሉ አይወስደውም። ቡና ውስጥ ያሉ ፖሊፌኖል የሚባሉ ነገሮች ደግሞ ይሄንኑ ብረት ሆድ ውስጥ ይይዙትና ሳይመጠጥ ያልፋል። ካፌይኑ አይደለም፣ ሻይም እንደዛ ነው እንዲያውም ይብሳል። በ1983 እ.ኤ.አ የታተመ አንድ ሙከራ ላይ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የሚመጠጠውን ብረት በ39 በመቶ ቀነሰው፣ ሻይ በ64 በመቶ።

የሙከራው ዋና ነገር ግን ሰዓቱ ነው። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ልክ አብሮ እንደተጠጣ ያህል ቀነሰ። ይሄን ከኛ አኗኗር ጋር አስተያዩት እስቲ፣ ምሳ ተበልቶ መሶቡ ሳይነሳ ነው ቡናው የሚቆላው፣ አቦሉ ሲደርስ ሽሮው ገና ሆድ ውስጥ ነው። ወንዱ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፣ እርጉዝና የወር አበባ የምታይ ሴት ግን ብረት የሚያስፈልጋት ሰው ናት፣ እና የደም ማነስ ያለባት እናት የምትወልደው ልጅ ነው ከመጀመሪያው ወደ ኋላ የሚቀረው። ስለዚህ ቡና የልጁን ቁመት የሚነካ ከሆነ ልጁ በሚጠጣው በረካ ሳይሆን እናቱ እርጉዝ እያለች ከምግቧ ጋር በጠጣችው ሊሆን ይችላል። ይሄ የኔ ድምዳሜ ነው፣ በቀጥታ ቁመት የለካ ጥናት ይዤ አይደለም፣ ግን ሰንሰለቱ እያንዳንዱ ቀለበት የታወቀ ነው። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ቡናውን ምግቡ ላይ ላዩን አለማድረግ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ማራቅ፣ በተለይ ለእርጉዝ የሚሰጠውን የብረት ኪኒን በፍጹም በቡና አለመዋጥ፣ በውሃ መዋጥ። ኪኒኑ ማቅለሽለሽ ስለሚያመጣ ቡና አፍን ያስተካክላል ብለው በቡና የሚውጡ ሴቶች አጋጥመውኛል፣ ኪኒኑ ከነጥቅሙ ነው የሚባክነው።

ልጅቷን በተመለከተ ለእትዬ ያልኳቸው፣ መከልከሉ ትክክል ነው፣ ምክንያቱ ነው ልክ ያልሆነው። የአምስት ዓመት ልጅ ክብደቷ ትንሽ ስለሆነ ለእኛ ምንም የማይመስል ካፌይን እንቅልፏን ይነሳታል፣ ስኳር የበዛበት ሲኒ ደግሞ የምግብ ፍላጎቷን ይዘጋል።

የድርቀቱ ጉዳይ ብዙ አያቆየንም። ካፌይን ሽንት ያሸናል፣ ግን ሲኒው ውስጥ ያለው ከሞላ ጎደል ውሃ ነው፣ ጥያቄው የሚወጣው ከገባው ይበልጣል ወይ ነው። እንግሊዝ ሀገር ቡና መጠጣት የለመዱ 50 ወንዶች ለሦስት ቀን በቀን አራት ጊዜ 200 ሚሊ ሊትር ቡና ጠጡ፣ ከዛ ሌላ ሦስት ቀን በቡናው ፋንታ ያንኑ ያህል ውሃ ጠጡ፣ ሰውነታቸው ውስጥ ያለው ውሃ ሲለካ ልዩነት የለም። 2014 እ.ኤ.አ ነው የወጣው። በኋላ በ2017 የወጣ ሌላ ትንሽ ሙከራ ደግሞ ገደቡን አሳየ፣ በአንድ ጊዜ 500 ሚሊግራም አካባቢ ካፌይን ሲወሰድ ሽንት በግልጽ ጨመረ፣ ግማሹ ሲወሰድ ግን አልጨመረም። 500 ሚሊግራም ማለት ብዙ ጥቁር ቡና ባንድ ቁጭታ ነው፣ ከቶና በኋላ እየቀጠነ በሚሄድ ጀበና እዛ መድረስ ይከብዳል። ሽማግሌው የሚሰማቸው የአፍ መድረቅ ቡናው ምላስ ላይ የሚተወው መጎምዘዝ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ደግሞ ጨው፣ እሱን እመለስበታለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ተቅማጥ የያዘውን ሰው ቡና በማር ቅመስ ብሎ መተው አይሆንም፣ በተለይ ልጅ ከሆነ በሕይወት የሚያቆየው ኦ.አር.ኤስ ነው።

አሁን ልብ። አክስቴ በዚህ ጉዳይ ያየችው ጭንቀት ስለሚያበሳጨኝ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ድሮ የተሰሩ ጥናቶች ቡና የሚጠጡ ሰዎች የልብ በሽታ ይበዛባቸዋል ይሉ ነበር። ችግሩ በዛ ዘመን ቡና አብዝቶ የሚጠጣው ሰውዬ ሲጋራም አብዝቶ ያጨስ ነበር፣ ሲጋራው በደንብ ሲለይ ቡናው ላይ የተለጠፈው ክስ አብዛኛው ረገፈ። ልብ ምት ያዛባል የሚለውም በቅርቡ በደንብ ተፈትኗል። በ2025 እ.ኤ.አ በወጣ ሙከራ የልባቸው የላይኛው ክፍል ምት ተዛብቶ በኤሌክትሪክ የተስተካከለላቸውን 200 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፣ ግማሹ በቀን ቢያንስ አንድ ስኒ እንዲጠጣ፣ ግማሹ ቡና እንዲተው። በስድስት ወር ውስጥ ችግሩ የተመለሰባቸው ከጠጪዎቹ 47 በመቶ፣ ከተዉት ደግሞ 64 በመቶ ናቸው። እኔ ከዚህ ተነስቼ ቡና መድኃኒት ነው አልልም፣ የገቡት ሰዎች ከድሮም ቡና የሚስማማቸው ናቸውና፣ ግን ልብ ታማሚ ሁሉ ቡና ይተው የሚለውን ምክር መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። በ2023 የወጣ ሌላ ሙከራ ደግሞ ቡና በጠጡበት ቀን ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሱ ትርፍ ምቶች ትንሽ እንደሚጨምሩና እንቅልፍ በ36 ደቂቃ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ቡና ጠጥቶ ልቤ ዘለል አለች የሚል ሰው ውሸቱን አይደለም፣ በጤነኛ ሰው ግን ያ ብቻውን በሽታ አይደለም።

አክስቴ ጋ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው፣ ግፊት ነው። ያኔ እንዴት እንደተለካች ጠየቅኳት። ቤት ጎረቤት ተሰብስቦ ሦስቱንም ጠጥታ፣ ቀጥታ በእግሯ ወጥታ፣ እንደደረሰች ቁጭ አድርገው ለኳት፣ 156 በ92። ካፌይን ግፊት ባለበት ሰው ላይ 200 እስከ 300 ሚሊግራም ሲወሰድ የላይኛውን ቁጥር በአማካይ 8፣ የታችኛውን 6 ገደማ ከፍ ያደርጋል፣ እሱም ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል። የመለካት ደንቡ ደግሞ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና ድካም የሌለበት፣ ከዛ አምስት ደቂቃ ጀርባ ተደግፎ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ያ ሁሉ አልተደረገም። እኔ የለካኋት ለሰባት ቀን ጠዋት፣ ጀበናው ሳይጣድ፣ በደንብ ካረፈች በኋላ ነው፣ በአማካይ 146 በ90 ሆነ። ልብ በሉ፣ አሁንም ከፍተኛ ነው። ቡናው ግፊት አልፈጠረባትም፣ የነበረውን ነው ያጎላው፣ እና ቡና ብታቆምም መድኃኒቱ አይቀርላትም። ቡና አቁሜያለሁ ብሎ መድኃኒት መተው ነው አደገኛው ስህተት፣ ብዙ ሰው ላይ አይቼዋለሁ። ያ ራስ ምታት ደግሞ ግፊት አልነበረም፣ የለመደ ሰው ቡና ድንገት ሲያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ የሚጀምር፣ እስከ ሳምንት ሊቆይ የሚችል የካፌይን ሱስ ምልክት ነው፣ አንድ ሲኒ አንድ ሲኒ እየቀነሱ ቢሄዱ አይመጣም።

በእውነት መጠንቀቅ ያለበት ማነው ካላችሁ፣ ግፊቱ በጣም ከፍ ያለ ሰው ነው። ጃፓን ውስጥ ከ18,000 በላይ ሰዎች ለረጅም ዓመታት ተከታትለው በ2022 እ.ኤ.አ ባወጡት ጥናት ግፊታቸው 160 በ100 እና ከዛ በላይ የሆኑት በቀን ሁለትና ከዛ በላይ ስኒ ቡና ሲጠጡ በልብና ስትሮክ የመሞት ዕድላቸው እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ስኒ ላይ ግን ያ አልታየም፣ ከዛ በታች ግፊት ያላቸውም ላይ አልታየም። አክስቴ 160 በታች ናት፣ ግን ሩቅ አይደለችም።

ከዛ ነው ሲኒዋን ያየሁት። አክስቴ ቡናዋን የምትጠጣው በጨው ነው፣ እንደ ብዙ የጎጃም ገጠር ሰው። በሁለት ጣት ቆንጠር አድርጋ ጣል ታደርጋለች፣ በየሲኒው። ያቺን ቁንጥር ግማሽ ግራም እንበላት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ቡና አለ፣ በየጊዜው ሦስት ሲኒ፣ ስድስት ሲኒ ማለት 3 ግራም ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከሁሉም ምግብ ተደምሮ ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው። ማለትም ወጡ ሳይቆጠር፣ በርበሬው ሳይቆጠር፣ ከግማሽ በላይ ኮታዋን በሲኒ ጠጥታዋለች። "ቡና አቁሚ" ያላት ሰው ቡናውን በምን ትጠጪያለሽ ብሎ አልጠየቃትም፣ እኔ ይሄ በጣም ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ጨው የጊዜያዊ ሳይሆን የየቀኑን ግፊት የሚያነሳ ነገር ነው፣ የካፌይኑ ግን ከሰዓታት በኋላ ይወርዳል፣ በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ደግሞ ለሳምንታት ሲታይ ግፊቱን እንደማያቆየው ነው የሚታወቀው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ የጀበናው ዘይት። የቡና ፍሬ ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለ፣ ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ሲፈላ ወጥቶ ይሟሟል፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ይሄን ያወቁት ስካንዲኔቪያ አካባቢ ነው፣ እነሱም እንደኛ ቡናውን ከውሃው ጋር አፍልተው ይጠጡ ስለነበር። በ1991 እ.ኤ.አ የወጣ ሙከራ ላይ ሰዎች በቀን 900 ሚሊ ሊትር የተፈላ ቡና ሲጠጡ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው 16 ሚሊግራም በዴሲሊትር ያህል ጨመረ፣ ያንኑ የተፈላ ቡና በወረቀት ፊልተር አጥልለው ሲያጠጧቸው ግን ጭማሪው የለም፣ ዘይቱ ወረቀቱ ላይ ነው የቀረው። የእኛን ጀበና እዛ ላይ እናስላው፣ ሲኒያችን 70 ሚሊ ሊትር ቢይዝ የአክስቴ ስድስት ሲኒ 420 ሚሊ ሊትር ነው፣ ከሙከራው ግማሽ አይሞላም፣ ቶናውና በረካው ደግሞ ያው አንዱ ዱቄት ላይ ውሃ እየተጨመረ ስለሆነ ይቀጥናል። ስለዚህ ጭማሪው ቢኖር ከ7 አይበልጥ ይሆናል፣ ለጤነኛ ሰው የሚያስፈራ አይደለም፣ ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ኪኒን ለሚወስድ ሰው ግን የሚታሰብ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ከ500,000 በላይ ሰዎችን ለ20 ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናትም እዚሁ ላይ ነው የደረሰው፣ በወረቀት የተጠለለ ቡና የሚጠጡት ጭራሽ ከማይጠጡት የተሻለ ዕድሜ ነበራቸው፣ ሳይጠለል የሚጠጡ 60 ዓመት ያለፋቸው ወንዶች ላይ ግን የልብ ሞት ከፍ ብሎ ታየ።

ጀበና አፍ ላይ የሚወተፈው ውታፍ አተላውን እንጂ ዘይቱን አይዝም፣ ቀዳዳው ሰፊ ነው። ጀበናውን አውርዶ በደንብ ማስቀመጥ፣ አስረግጦ ማስጠለል ግን ዱቄቱ ሲኒ ውስጥ እንዳይገባ ያደርጋል፣ ከዱቄቱ ጋር የሚጓዘው ዘይትም በዛው ልክ ይቀንሳል። የመጨረሻዋን ድፍርስ ጠብታ አለመጭለጥም እንደዛው።

አክስቴ ቡናዋን አላቆመችም። ሁለቴ የነበረውን አንዴ አደረገችው፣ ሲኒዋን ከሦስት ወደ ሁለት አወረደች፣ ምሳ በልታ ከብቶቹን ውሃ አጠጥታ ስትመለስ ነው አሁን የምትጥደው። ጨዉን ተወች፣ መጀመሪያ ሳምንት "ምን ይሄ ውሃ" ስትል ነበር፣ በጨው ፋንታ ጤና አዳም ጣል ማድረግ ስትጀምር ለመደችው። ኪኒኗንም በሰዓቱ ትውጣለች። ከወር በኋላ ጠዋት ስለካት 136 በ86 ሆነች፣ ስንቱ የኪኒኑ ስንቱ የጨዉ እንደሆነ መለየት አይቻልም፣ ሁለቱ ባንድ ላይ ነው የተጀመሩት። እትዬ ግን ጨው በሌለው ቡና አልተስማሙም፣ ስለዚህ የጨው ዕቃዋ አሁንም ረከቦቱ አጠገብ አለች፣ ከአክስቴ ራቅ ብላ፣ ወደ እንግዳው በኩል።